የኦዲቱን ክፍያ የትኛው ፕሮጀክት ይሸከም?

«ሰላም። የአንድ አገር በቀል ድርጅት ፋይናንስ ኦፊሰር ነኝ። ሦስት ለጋሾች አሉን። እስከ ዛሬ የውጭ ኦዲተሩን ክፍያ ብር ካለበት ፕሮጀክት ላይ ነበር የምንከፍለው። ዘንድሮ ትልቁ ለጋሻችን ‹ይሄ የድርጅቱ ኦዲት ነው› ብሎ የአምናውን ወጪ ሙሉ በሙሉ ውድቅ አደረገብን። አሁን የሚቀጥለውን ዓመት በጀት እየሠራን ነው። ስንት ብር እንያዝ? ዳይሬክት ኮስት ነው ወይስ ሼርድ ኮስት?»

ሁለቱም ነው። ግን እንደፈለጋችሁ የምትመርጡት አይደለም። ችግሩ የሚጀምረው «ኦዲት» በሚለው አንድ ቃል ሥር ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ስለሚደበቁ ነው። መጀመሪያ እነሱን እንለያያቸው።

አንደኛው ድርጅቱ ራሱ በየዓመቱ የሚያስደርገው ኦዲት ነው። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ሂሳባችሁን አስመርምራችሁ ሪፖርቱን ለሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን እንድታቀርቡ ያዛል። ኦዲተሩ ሪፖርቱን የሚጽፈው ለቦርዳችሁ ወይም ለጠቅላላ ጉባኤያችሁ ነው። የሚመረምረው አንድ የሂሳብ መግለጫ ነው፤ የሦስቱም ለጋሾች ብር እዚያ ውስጥ አለ። አንዱ ለጋሽ ነገ ጥሎ ቢሄድ ይህ ኦዲት አይቀርም። ስለዚህ የጋራ ወጪ ነው።

ሁለተኛው አንድ ለጋሽ ለራሱ ፕሮጀክት ብቻ የሚጠይቀው ኦዲት ነው። የራሱ ቲኦአር አለው። የራሱ ማስረከቢያ ቀን አለው። ሪፖርቱም የሚናገረው ስለዚያ ፕሮጀክት ገቢና ወጪ ብቻ ነው። ፕሮጀክቱ ባይኖር ይህን ሥራ ማንም አይጠይቃችሁም። ስለዚህ መቶ በመቶ የዚያ ፕሮጀክት ዳይሬክት ወጪ ነው።

ግራ ሲገባኝ ራሴን አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ፤ ይህ ፕሮጀክት ዛሬ ቢዘጋ ይህ ክፍያ አብሮ ይዘጋል? አዎ ከሆነ ዳይሬክት ነው። አይ ከሆነ የጋራ ነው። አንዳንዴ መልሱ «ትንሽ ይቀንሳል» ይሆናል። ለምሳሌ ፕሮጀክቱ ክፍለ ሀገር ቢሮ ካለው ኦዲተሩ ሁለት ቀን እዚያ ያድራል። እንዲህ ያለውን ቆራርጦ ለማከፋፈል መሞከር አድካሚ ነው፤ ለማስረዳትም ያስቸግራል። እኔ የጋራው ውስጥ እተወዋለሁ። የማከፋፈያ ዘዴው ትክክል ከሆነ ያ ፕሮጀክት ለማንኛውም ትልቁን ድርሻ ይወስዳል።

ስለ አምናው ውድቅ ወጪ አንድ ነገር ልበል፤ ገና ተስፋ አትቁረጡ። ለጋሹ ሙሉውን የጣለው ሙሉውን ስለጫናችሁበት ይሆናል። የስምምነት ሰነዱን አውጡና የኦዲት ወጪን በተመለከተ ምን እንደሚል አንብቡ። «ከኦቨርሄድ ይሸፈናል» የሚል ከሌለ የሂሳብ ማከፋፈያ ሠርታችሁ «ድርሻዎ ይህን ያህል ነው፤ ይህን ይቀበሉን፤ ቀሪውን አስተካክለናል» ብላችሁ ጻፉ። ብዙ ጊዜ ለጋሾች የሚያናድዳቸው ኦዲቱ አይደለም። የሌላውን ለጋሽ ድርሻ እነሱ መክፈላቸው ነው። «ብር ያለበት ፕሮጀክት ይክፈል» የሚለው አሠራር ደግሞ በትክክል እሱን ያደርጋል።

አሁን ወደ ስንት ብር እንሂድ።

በየቢሮው የማየው ልማድ የአምናውን ክፍያ ወስዶ አሥር በመቶ መጨመር ነው። ሌላው ከጠቅላላ በጀቱ አንድ ፐርሰንት ቆርጦ ማስቀመጥ ነው። ሁለቱም ኦዲተሩ ዋጋውን እንዴት እንደሚያወጣ የረሱ ናቸው። ኦዲተር የሚሸጠው ሰዓት ነው። ስንት ሰው፣ ስንት ቀን። ቀኑን የሚያበዛው የበጀታችሁ መጠን ብቻ አይደለም። የቫውቸሩ ብዛት፣ የባንክ ሂሳቦቹ ቁጥር፣ ከአዲስ አበባ ውጭ ያሉ ቢሮዎች፣ በመጨረሻም እናንተ ምን ያህል ተዘጋጅታችሁ እንደምትጠብቁት ነው። አራት ሚሊዮን ብር የሚያወጣ የአንድ ጉድጓድ ቁፋሮ ውል ለኦዲተሩ የግማሽ ቀን ሥራ ሊሆን ይችላል። የአንድ ሚሊዮን ብር የሥልጠና አበል ግን በፊርማ ወረቀት የታጨቀ ካርቶን ነው። የትኛው እንደሚያደክም አበል ያወራረደ ሰው ያውቀዋል።

ስለዚህ አትገምቱ፤ አስጠይቁ። በጀት ከመላካችሁ በፊት በኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ከተመዘገቡ ድርጅቶች ፕሮፎርማ ሰብስቡ። አንድ ገጽ ጽሑፍ ስጧቸው። በዓመት ስንት ቫውቸር ገደማ እንዳላችሁ፣ ስንት ባንክ፣ ስንት ቢሮ፣ ስንት የተለያየ ሪፖርት እንደምትፈልጉ ይዘርዝር። የመስክ ጉዞ አበልና ትራንስፖርት ዋጋው ውስጥ ይገባ ወይም ይውጣ የሚለውንም አሁኑኑ ይመልሱላችሁ። ይህ ካልተጻፈ በኋላ ሌላ ደረሰኝ ይመጣል። ያንን የሚሸከም የበጀት መስመር ደግሞ አይኖራችሁም።

ከሁሉም በላይ ግን ዋጋውን ለየብቻ አስጽፉ። የድርጅቱ ዓመታዊ ኦዲት ይህን ያህል፤ የእገሌ ፕሮጀክት ኦዲት ይህን ያህል። በፕሮፎርማውም፣ በውሉም፣ በደረሰኙም ላይ ሁለት መስመር ይሁን። ይህን ያልኩት ተቃጥዬ ነው። ከዓመታት በፊት በሠራሁበት አንድ ድርጅት ኦዲተሩ ሁለቱንም ሥራ ሠርቶ በአንድ ደረሰኝ አንድ ድምር ቆረጠልን። እኔም ስልሳ አርባ ብዬ ከፈልኩት። የለጋሹ ገምጋሚ መጥታ «ስልሳው ከየት መጣ?» አለች። «በግምት» አልኳት። ሌላ መልስ አልነበረኝም። ብሩን መለስን። ኦዲተሩ ደረሰኙ ላይ ሁለት መስመር ቢጽፍ ኖሮ ጥያቄው ራሱ አይነሳም ነበር።

ስለ ግብር ሁለት ነገር ብቻ። ኦዲተሩ ለቫት የተመዘገበ ከሆነ ዋጋው ላይ 15 በመቶ ይጨመራል። እንደ እናንተ ያለ ቫት የማይሰበስብ ድርጅት ይህን መልሶ ስለማያገኘው ወጪው ቫትን ጨምሮ ነው፤ ለጋሹ ቫት አልከፍልም ካላለ በቀር በጀቱም እንዲሁ ይያዝ። ዊዝሆልዲንግ ግን ተጨማሪ ወጪ አይደለም። ከኦዲተሩ ክፍያ ላይ ቀንሳችሁ ለገቢዎች የምታስገቡለት የእሱ ግብር ነው። ስለዚህ በጀት ላይ አትጨምሩትም፤ ወጪ ስትመዘግቡም አትቀንሱትም። ለኦዲተሩ በቼክ የወጣውን የተጣራ ብር ብቻ ወጪ አድርገው የሚመዘግቡ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ ሂሳቡ ከደረሰኙ ጋር አልገጥም ብሎ ሲታገሉ ይከርማሉ።

አሁን በቁጥር እንየው። የእናንተን ቁጥር ስለማላውቅ ራሴ ልፍጠር።

ድርጅቱ ሦስት ፕሮጀክት አለው እንበል፤ የውሃ፣ የትምህርት፣ የሴቶች ቁጠባ። የዓመታዊው ኦዲት ዋጋ 200,000 ብር ነው፤ ከቫት ጋር 230,000። የውሃው ለጋሽ ለብቻው የፕሮጀክት ኦዲት ይፈልጋል፤ እሱ 90,000 ነው፤ ከቫት ጋር 103,500። ይህ ሁለተኛው ያለ ክርክር የውሃው ፕሮጀክት ዳይሬክት ወጪ ነው። የሚከፋፈለው 230,000 ብሩ ነው።

በምን እንከፋፍለው? በቫውቸር ብዛት ማከፋፈል ለእውነታው ይቀርባል። ነገር ግን ቁጥሩን የሚያረጋግጥላችሁ የለም፤ በየዓመቱ መቁጠርም ሥራ ነው። ለሦስት እኩል መካፈልም አይሆንም፤ ትንሹ ፕሮጀክት ይጎዳል። ብዙዎች የሚቀበሉት መሠረት እያንዳንዱ ፕሮጀክት በዓመቱ ያወጣው ዳይሬክት ወጪ ነው። ቁጥሩ ከሌጀር ይወጣል፤ ኦዲተሩም ራሱ ይመሰክርለታል።

እዚህ ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ። የውሃው ፕሮጀክት ዳይሬክት በጀት 13 ሚሊዮን ብር ነው፤ ከዚህ ውስጥ አራቱ ሚሊዮን ያ የቁፋሮ ውል ነው። የትምህርቱ 4.5 ሚሊዮን፣ የሴቶቹ 1.5 ሚሊዮን ነው። ሁሉንም እንዳለ ብንወስድ ውሃው ከ19 ሚሊዮን ውስጥ 13 ይዞ 68 በመቶ ገደማ ይደርሰዋል። አንድ ውል የኦዲተሩን ሥራ ያን ያህል አላበዛውም። ስለዚህ ትልልቅ የአንድ ጊዜ ግዢዎችን፣ ተሽከርካሪን፣ ለሌላ ድርጅት የሚተላለፍ ገንዘብን ከመሠረቱ አወጣቸዋለሁ። አሜሪካኖች በራሳቸው የእርዳታ ደንብ ላይ የኦቨርሄድ መሠረቱን ሲያሰሉ ዕቃና ትልልቅ ንዑስ እርዳታን የሚያስወጡት በዚሁ ምክንያት ነው። ዋናው ነገር ምን እንደሚወጣ አስቀድሞ በፋይናንስ መመሪያችሁ ላይ መጻፉ ነው። ዓመቱ ካለቀ በኋላ የሚወጣ ከሆነ ለመቀነስ የተደረገ ይመስላል፤ ብዙ ጊዜም ነው። የጋራ ወጪዎቹንም ራሳቸውን መሠረቱ ውስጥ አታስገቡ፤ አለዚያ ወጪው ራሱን መልሶ ያከፋፍላል።

አራቱ ሚሊዮን ሲወጣ ውሃው 9 ሚሊዮን ይሆናል። ድምሩ 15 ሚሊዮን። ድርሻው 60፣ 30 እና 10 በመቶ ይመጣል። ከ230,000 ብሩ ውሃው 138,000፣ ትምህርቱ 69,000፣ ሴቶቹ 23,000 ይሸከማሉ። በኤክሴል ከሆነ የፕሮጀክቶቹን ወጪ ከB2 እስከ B4፣ የኦዲት ክፍያውን E1 ላይ አስቀምጡና ይህን ጻፉ፤

```
=ROUND(B2/SUM(B$2:B$4)*$E$1,2)
```

ወደ ታች ጎትቱት። ሳንቲም ካልገጠመ ትልቁ ፕሮጀክት ላይ አስተካክሉት።

እዚህ ጋ የውሃው ለጋሽ የሚያነሳት ጥያቄ አለች። «ለራሴ ኦዲት 103,500 ከፍያለሁ፤ ለምን ደግሞ 138,000?» ይላል። መልሱ የድርጅቱ ኦዲት የእሱንም ብር ስለሚመረምር ነው። የእሱ ፕሮጀክት ከዓመታዊው የሂሳብ መግለጫ አይወጣም፤ ቢወጣ መግለጫው ጎዶሎ ነው። ነገር ግን የሰውዬው ቅሬታ ግማሽ እውነት አለው። አንድ ኦዲተር ሁለቱንም ከሠራ አንድን ቫውቸር ሁለት ጊዜ አያይም። ስለዚህ ቅናሹን የምትጠይቁት ከፕሮጀክት ኦዲቱ ዋጋ ላይ ነው። ኦዲተሩን «ዓመታዊውን አብረህ እየሠራህ ነው፤ እዚያ የፈተሽከውን እዚህ ትጠቀምበታለህ» በሉት። አብዛኛውን ጊዜ ይቀንሳል። የቀነሰውም ለውሃው ለጋሽ ብቻ ይጠቅማል፤ ይገባዋልም።

ቀጥሎ የሚመጣው ብዙዎችን የሚጥል ነው። ኦቨርሄድ።

የሴቶቹ ለጋሽ የኦዲት መስመር አይሰጥም እንበል። በምትኩ በዳይሬክት ወጪው ላይ 7 በመቶ ኦቨርሄድ ይሰጣል። የአውሮፓ ኅብረት እርዳታዎች ላይ የምታውቁት ጣሪያ ይህ 7 ነው። የአሜሪካ መንግሥት ደግሞ የተደራደረ ተመን ለሌለው ድርጅት ይሰጥ የነበረውን 10 በመቶ ከጥቅምት 2024 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ጀምሮ እስከ 15 አድርሶታል። ቁጥሩ ምንም ይሁን ሕጉ አንድ ነው። አንድ ወጪ ኦቨርሄዱ ውስጥ ከተቆጠረ በዳይሬክት መስመር ተመልሶ አይጠየቅም። ሁለት ጊዜ መክፈል ነው። ስለዚህ የሴቶቹ ድርሻ የሆነው 23,000 ብር ከኦቨርሄዱ ይከፈላል። ከ1.5 ሚሊዮን 7 በመቶ 105,000 ብር ነው። ከኦዲቱ በኋላ 82,000 ይተርፋል፤ ኪራዩም መብራቱም ግን እሱን ይጠብቃል።

የማይደረገው ነገር «ሴቶቹ የኦዲት መስመር ስለሌላቸው 23,000ውን ለሁለቱ እናካፍል» ማለት ነው። ይህ ትክክል የሚመስለው በቢሮ ውስጥ ሆነን ስናየው ብቻ ነው። የውሃውና የትምህርቱ ለጋሾች ሲያዩት የሌላ ሰው ሂሳብ እየከፈሉ ነው። የአምናው ችግራችሁ በትንሹ ተደገመ ማለት ነው። መሠረቱ ውስጥ ሦስቱም ይቆጠራሉ፤ ድርሻቸውን ማን እንደሚከፍል ግን ሌላ ጥያቄ ነው።

የትምህርቱ ለጋሽ ደግሞ ለኦዲት ከ50,000 ብር በላይ አልሰጥም ብሏል እንበል። ድርሻው 69,000 ነው። 19,000 ብር ጎደለ። ይህ ጉድለት የድርጅቱ ነው። ከአባላት መዋጮ፣ ከራሳችሁ ገቢ ወይም ዝርዝር ሂሳብ በማይጠየቅበት ተመን ከተሰጠ ኦቨርሄድ ትሞሉታላችሁ። በጀት ስትሠሩ ይህን ቁጥር ለብቻው ጽፋችሁ ለቦርድ አሳዩት። ብዙ ዳይሬክተሮች ድርጅታቸው በየዓመቱ ለለጋሾች ስንት ብር እንደሚደጉም አያውቁም። ቁጥሩን ሲያዩ ለሚቀጥለው ድርድር ይነቃሉ።

የተመድ ድርጅቶች ከሆኑ ለጋሾቻችሁ ልዩ ነገር አለ። ዩኒሴፍ፣ ዩኤንዲፒና ዩኤንኤፍፒኤ በጋራ አሠራራቸው መሠረት የአጋሮቻቸውን ኦዲትና ድንገተኛ ፍተሻ ራሳቸው ያዝዛሉ፤ ራሳቸው ይከፍላሉ። ስለዚህ እዚያ የፕሮጀክት ኦዲት መስመር አትያዙ። የድርጅቱ ዓመታዊ ኦዲት ድርሻቸው ግን አለ፤ ስምምነቱ ከፈቀደ በጀቱ ላይ ይቅረብ።

እስካሁን ያወራነው ስለ በጀት ነው። ወጪው ሲመዘገብ ሌላ ቁጥር ይመጣል።

60፣ 30፣ 10 ያልነው የታቀደ ነው። ዓመቱ ሲያልቅ የቁፋሮ ውሉን ሳይጨምር ውሃው 7.7 ሚሊዮን ብቻ አወጣ እንበል፤ ዝናቡ መንገዱን ዘጋበት። ትምህርቱ 4.9 ሚሊዮን፣ ሴቶቹ 1.4 ሚሊዮን አወጡ። ድምር 14 ሚሊዮን። አሁን ድርሻው 55፣ 35 እና 10 ነው። ከ230,000 ውሃው 126,500፣ ትምህርቱ 80,500፣ ሴቶቹ 23,000 ይደርሳቸዋል። የሚመዘገበው ይህ ነው።

ፈተናው እዚህ ነው። የውሃው በጀት ላይ 138,000 ብር ተቀምጧል፤ ማንም አይከለክላችሁም። የትምህርቱ 50,000 ላይ ቆሟል፤ ጉድለቱ ከ19,000 ወደ 30,500 አድጓል። «ውሃው ላይ 138,000ውን እንተወው፤ በጀት እስካለ ድረስ» የሚል ሐሳብ ይመጣል። አትተዉት። የለጋሽ ኦዲተር መጀመሪያ የሚጠይቀው የማከፋፈያ ሰንጠረዡን ነው። ሁለተኛ የሚያደርገው ሰንጠረዡን ከሌጀሩ ጋር ማመሳከር ነው። 60 በመቶው ከሌጀሩ ካልወጣ 11,500 ብሩ ብቻ አይደለም የሚወድቀው። በዚያው ዘዴ የተከፋፈለው ኪራይ፣ የሂሳብ ሠራተኛ ደሞዝ፣ ኢንተርኔት ሁሉ ጥያቄ ውስጥ ይገባል።

አመዘጋገቡ ቀላል ነው። ደረሰኙ ሲመጣ የዓመታዊው ኦዲት ሙሉ መጠን በጋራ ወጪ ሂሳብ ኮድ ይገባል። ቀጥሎ በጆርናል ቫውቸር ወደ ፕሮጀክቶቹ ይከፋፈላል። ከቫውቸሩ ጀርባ ደረሰኙ፣ ውሉ፣ ሰንጠረዡ፣ ከሌጀሩ የታተመው የፕሮጀክቶች ወጪና ዘዴውን የሚገልጸው የመመሪያ ገጽ ይታሰሩ። ዋናው ደረሰኝ አንድ ቦታ ይቀመጣል፤ ለሌሎቹ ፕሮጀክቶች ፋይል ቅጂው ላይ «ዋናው እዚህ ነው» ተብሎ ይጻፍበት። አንድን ደረሰኝ ሦስት ለጋሽ ሙሉውን የከፈለው ያስመሰለ ፋይል አይቻለሁ። ማጭበርበር አልነበረም፤ ግን ያንን ለማስረዳት ሁለት ሳምንት ፈጀ።

ስለ 20 በመቶው ትጠይቁ ይሆናል፤ ባትጠይቁም ልመልሰው። አዋጁ ለሕዝብ ጥቅም የተቋቋመ ድርጅት አስተዳደራዊ ወጪው ከጠቅላላ ገቢው ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። ለጋሹ «ዳይሬክት» ስላለው ብቻ አንድ ወጪ በአዋጁ ዓይን የፕሮግራም ወጪ አይሆንም። ሁለት የተለያዩ መለኪያዎች ናቸው። እኔ የድርጅቱን ዓመታዊ ኦዲት፣ ለፕሮጀክቶች የተከፋፈለ ቢሆንም፣ ለባለሥልጣኑ በሚቀርበው ሪፖርት ላይ አስተዳደራዊ ውስጥ እቆጥረዋለሁ። የድርጅቱ ሥራ ነውና። የፕሮጀክት ኦዲቱን ከፕሮጀክቱ ጋር አቆየዋለሁ። በምሳሌያችን 230,000 ብሩ ከ20 ሚሊዮን ገደማ ገቢ አንጻር አንድ በመቶ ትንሽ አለፍ ይላል። ጣሪያውን የሚያስጨንቀው ኦዲት ብዙ ጊዜ አይደለም፤ የአስተዳደር ደሞዝና ኪራይ ነው።

የቀረው ጊዜ ነው። ይህኛው በጣም ያስጨንቀኛል፤ ምክንያቱም ስህተቱ የሚታየው ከረፈደ በኋላ ነው።

የበጀት ዓመታችሁ ሰኔ 30 ይዘጋል እንበል። ኦዲተሩ ነሐሴ ላይ ይመጣል። መስከረም ላይ ሪፖርቱን ሰጥቶ ደረሰኝ ይቆርጣል። አገልግሎቱ የተሰጠው በአዲሱ ዓመት ነው። ለሚቀጥል ፕሮጀክት ችግር የለውም፤ የአምናው ኦዲት ክፍያ በዘንድሮ በጀት ላይ ይቀመጣል። ማከፋፈያው ግን የሚሰላው ኦዲት በተደረገው ዓመት ወጪ ነው፤ የተመረመረው ያ ነውና።

ሰኔ 30 ለሚያልቅ ፕሮጀክት ግን ጉድ ነው። የትምህርቱ ፕሮጀክት በዚያ ቀን ቢዘጋ ነሐሴ ላይ የሚሠራው ኦዲት ከዘመኑ ውጭ ነው። ብዙ ሰው ሰኔ 30 ላይ «ሊከፈል የሚገባ የኦዲት ክፍያ» ብሎ ይይዛል። ልማዱ ሰፊ ነው፤ ግን ያልተሰጠ አገልግሎት ዕዳ አይሆንም። ጠንቃቃ ኦዲተር የራሱን ክፍያ ሳይቀር ያስወጣችኋል። ሌላው ብልሃት በሰኔ ወር ለኦዲተሩ ቅድሚያ ክፍያ መስጠት ነው። እሱም ቅድሚያ ክፍያ እንጂ ወጪ አይደለም። ለጋሹ «ይህ አድቫንስ ነው» ብሎ ይመልሰዋል።

የሚሠራው መንገድ ስምምነቱ ውስጥ ነው ያለው። የአውሮፓ ኅብረት የእርዳታ ውሎች የማጠቃለያ ሪፖርትና የወጪ ማረጋገጫ ሥራ ከፕሮጀክቱ ማብቂያ በኋላ እንዲሠራ ይፈቅዳሉ። የአሜሪካ ደንብም የመዝጊያ ሥራ ወጪን የመጨረሻው ሪፖርት እስከሚቀርብበት ቀን ድረስ ይቀበላል። ሌሎች ለጋሾች ግን ዝም ይላሉ። ዝም ያለ ስምምነት ከሆነ ገና በጀቱን ስትደራደሩ አንድ ዓረፍተ ነገር አስጨምሩ፤ «የመጨረሻው ዓመት ኦዲት ክፍያ ፕሮጀክቱ ካለቀ በኋላ እስከ ዘጠና ቀን ድረስ ሊወጣ ይችላል»። ከተፈረመ በኋላ ከሆነ ደግሞ ከመዝጊያው ሁለት ወር በፊት በደብዳቤ ጠይቁ። ፈቃዱ ከዳይሬክተሩ ስልክ ሳይሆን በጽሑፍ ይምጣ። ከኦዲተሩ ጋር ያለው ውልም ከሰኔ 30 በፊት የተፈረመ ይሁን፤ ግዴታው በፕሮጀክቱ ዘመን የተገባ መሆኑን ያሳያል።

ለጋሹ እምቢ ካለ የትምህርቱ ድርሻ ሙሉ 80,500 ብሩ ከራሳችሁ ኪስ ነው። ውሃው ላይ አይሄድም። እንግዲህ የሦስት ዓመት ፕሮጀክት በጀት ስትጽፉ የኦዲት መስመሩ ስንት ጊዜ እንደሚገባ ቁጠሩ። ፕሮጀክቱ ሦስት የበጀት ዓመት ከነካ ሦስት ኦዲት አለ። ከጥር ተጀምሮ ታኅሣሥ የሚያልቅ የሦስት ዓመት ፕሮጀክት ግን የእናንተን አራት የበጀት ዓመት ይነካል። አራተኛው ኦዲት ሁልጊዜ ይረሳል። የዋጋ ጭማሪም አለ፤ ኦዲተሩን ከመነሻው የሦስት ዓመት ዋጋ ጠይቁት። በዩሮ ወይም በዶላር የተፈረመ ውል ካላችሁ ደግሞ የኦዲቱን ዋጋ በብር ያዙና ወደ ውጭ ምንዛሪ ቀይሩት። ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ በፊት በብር ሲያስቡ የነበሩ ብዙ በጀቶች አሁን የሚያሳዩት የዩሮ መጠን ከገበያው ጋር አይገናኝም።

ለዘንድሮው በጀታችሁ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ። በዚህ ሳምንት ሁለት መስመር ያለው ፕሮፎርማ አስመጡ። የሦስቱንም ስምምነት የኦዲትና የኦቨርሄድ አንቀጽ አንብቡ። ማከፋፈያውን በታቀደው ወጪ ሥሩና ጉድለቱን ለብቻ አውጡት። ዘዴው በመመሪያችሁ ላይ ከሌለ ቦርዱ ሳይዘገይ ያጽድቀው። ስለ አምናው ወጪ ለትልቁ ለጋሽ የምትጽፉትን ደብዳቤም ከዚሁ ሰንጠረዥ ጋር ላኩት፤ አምና በዚህ ዘዴ ቢሰላ ኖሮ ድርሻው ስንት እንደሚሆን ከሌጀሩ ጋር አያይዙለት።